አሥራ አንድ ቀን፦ ደጋግሞ ለሚታመም ሠራተኛ ምን ብለን እንጻፍ?

አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ የግማሽ ዓመቱን የሥራ መገኘት መዝገብ ሲያጠናቅር አንድ ስም ላይ ቆመ እንበል። ስሙ የአንድ የሽያጭ መደብር ካሸር ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሰባት ጊዜ፣ በድምሩ 11 የሥራ ቀን ቀርታለች። ምክንያቱ በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ሕመም። የመደብሩ ኃላፊ ተማርሮ «አንድ ነገር ይጻፍላት» ብሏል። ባለሙያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የኖረውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይከፍታል፤ ስሙንና ቀኑን ይቀይራል፤ አትሞ ለፊርማ ያቀርባል።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ የቆየ ደብዳቤ የተዘጋጀው ሳያስፈቅድ ለጠፋ፣ ጠዋት እያረፈደ ለሚገባ ወይም ሥራውን ጥሎ ለሚወጣ ሰው ነው። ለታመመ ሰው ሲላክ ግን ማንም ያላጣራውን ክስ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የካሸሯን ጉዳይ ከመዝገቡ እስከ ደብዳቤው እንከተላለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ችግሩን ሳይደብቅ፣ የሠራተኛዋን እውነተኛነትም ሆነ ጤንነት ሳይነካ እንዴት መጻፍ ይችላል?

የተለመደው ደብዳቤ ምን ይላል?

ከኮምፒዩተሩ የወጣው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነበባል፦

«በተደጋጋሚ ታምሜያለሁ በማለት ከሥራ ገበታዎ ላይ በመቅረትዎ በሥራው ላይ ከፍተኛ ጫና ፈጥረዋል። ስለሆነም ለወደፊቱ ከመሰል ድርጊት እንዲቆጠቡ እያስጠነቀቅን፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ድርጅቱ አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ የሚወስድ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ሲታይ የተለመደ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ የጻፈው ሰውም ክፋት አላሰበም ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሐረግ ቀስ ብለን እንመልከት።

«ታምሜያለሁ በማለት» የሚለው ሐረግ ሕመሙን የሠራተኛዋ አባባል ብቻ ያደርገዋል። ድርጅቱ የተቀበላቸው፣ ማኅተም ያረፈባቸው የሕክምና ማስረጃዎች ማኅደሯ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ደብዳቤው እንዳልታመነች ይነግራታል። «በሕመም ሰበብ» ወይም «ሕመምን ምክንያት በማድረግ» ብሎ መጻፍም ያው ነው። ማስረጃውን ተቀብሎ ፈቃዱን የመዘገበ መሥሪያ ቤት በኋላ በደብዳቤ ሊያጠራጥር አይገባም። ጥርጣሬ ካለው ማንሳት የነበረበት ማስረጃውን በተቀበለበት ቀን ነው።

«ከመሰል ድርጊት ይቆጠቡ» የሚለው ደግሞ ሰው ሊፈጽመው የማይችለውን ትእዛዝ ይሰጣል። ማርፈድን መተው ይቻላል፤ ከመታመም መቆጠብ ግን አይቻልም። ደብዳቤው የደረሳት ሠራተኛ ያላት ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ትኩሳቷን ይዛ መጥታ ካዝና ፊት መቀመጥ ነው፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ቢገኝ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሌላው ሕመሟን ደብቃ «የቤተሰብ ጉዳይ» እያለች ከዓመት ፈቃዷ ቀን ማስቆረጥ ነው። በሁለቱም መንገድ መሥሪያ ቤቱ ስለ ሠራተኛው ያለው መረጃ ይበልጥ ይሳሳታል።

«አስፈላጊው ሕጋዊ እርምጃ» የሚለው ማስፈራሪያስ? በማስረጃ በተደገፈ የሕመም ፈቃድ ላይ የሚወሰድ የዲሲፕሊን እርምጃ በሕጉ ውስጥ የለም። ይህን ለመረዳት ወደ አዋጁ መሄድ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚቆጥረው የትኛውን ቀን ነው?

በግል ድርጅትና በልማት ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ሕግ ስላለው እዚህ አናነሳውም።

አዋጁ እንደሚለው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ በሚቆጠር የ12 ወር ጊዜ ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛው ፈቃዱን የሚያገኘው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የሚሰጥ ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ መብት ከሰጠ እሱ ይሠራል።

እዚህ ላይ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ቃል አለ፤ «በተለያየ ጊዜ»። ሕጉ አንድ ሰው ሦስት ወር ተኝቶ የሚነሳበትን ሕመም ብቻ አላሰበም። ዛሬ አንድ ቀን፣ ከወር በኋላ ሁለት ቀን የሚያስቀር ሕመም መኖሩንም አውቆ በዚያው ፈቃድ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ መደጋገሙ ብቻውን ጥፋት አይሆንም።

በሌላ በኩል የአዋጁ አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ሲዘረዝር በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀናት መቅረትን ያነሳል። ብዙ ኃላፊዎች የሚያስታውሱት ይህችን ቁጥር ብቻ ነው፤ ካሸሯ 11 ቀን ቀርታለች፣ ሕጉ አምስት ይላል፣ እንግዲያው ከእጥፍ በላይ አልፋለች ብለው ያስባሉ። ድንጋጌው ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ሠራተኛው ስለ መቅረቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት መሆን አለበት፤ መቅረቱም በአዋጁ ከተመለከቱት የፈቃድ ዓይነቶች በአንዱ የማይመደብ መሆን አለበት። በሕመም ፈቃድ የተያዘ ቀን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው።

የካሸሯን መዝገብ በዚህ ዓይን ስናየው ቁጥሩ ወዲያው ይቀየራል። መስከረም 14 አንድ ቀን፣ ጥቅምት 6 እና 7 ሁለት ቀን፣ ጥቅምት 28 አንድ ቀን፣ ኅዳር 19 እና 20 ሁለት ቀን፣ ታኅሣሥ 11 አንድ ቀን፣ ጥር 5 እና 6 ሁለት ቀን፣ የካቲት 17 እና 18 ሁለት ቀን ቀርታለች። ማኅደሯ ሲገለጥ ከታኅሣሥ 11 በስተቀር ለሁሉም የሕክምና ማስረጃ ተያይዟል። ስለዚህ ገና ሊጠየቅበት የሚችለው ቀን አንድ ብቻ ነው። እሱም ጥፋት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ወረቀቱ አልተገኘም እንጂ።

ከደብዳቤው በፊት መዝገቡ ይጣራ

ጥሩ ደብዳቤ የሚጀምረው ከመጻፉ በፊት ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የአሻራ መቆጣጠሪያው ያወጣውን ዝርዝር፣ የፈቃድ ቅጾቹንና በማኅደር ያሉትን ማስረጃዎች ጎን ለጎን አድርጎ ቀን በቀን ያመሳክራል። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አሻራ መቆጣጠሪያው መብራት በጠፋበት ቀን ያልመዘገበው ሰው «ቀሪ» ተብሎ ይገኛል። ወረቀት ደግሞ ከቅርብ ኃላፊ መሳቢያ ሳይወጣ ይከርማል።

ቀጥሎ የሕመም ፈቃድ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሌላ መዝገብ ያላቸው ቀናት ይለያሉ። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የቀረ ሰው ቀናት በሕመም ፈቃድ አይቆጠሩም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ የቀረችበት ጊዜም በማስረጃ ሲደገፍ ራሱን የቻለ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው። እነዚህ ሳይለዩ ተደባልቀው «በተደጋጋሚ» የሚል ቃል ከተጻፈባቸው ደብዳቤው ከሥሩ የተሳሳተ ይሆናል።

ከዚያ ሠራተኛዋን በር ዘግቶ ማነጋገር ይመጣል። ይህ ውይይት የምርመራ መልክ እንዳይዝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወረቀቱ ቢሆን ይመረጣል። «የስድስት ወሩን መዝገብ እያጣራሁ ነው፤ የታኅሣሥ 11 ማስረጃ እኛ ጋ አልተገኘም፤ አስረክበሽ ነበር?» ብሎ መጀመር ይቻላል። በእኛ ምሳሌ ካሸሯ ስልኳን አውጥታ ታሳያለች፤ ማስረጃውን ፎቶ አንስታ በዚያው ቀን ለመደብሩ ኃላፊ በቴሌግራም ልካለች፤ እሱም «እሺ» ብሎ መልሷል። ወረቀቱ ቤቷ አለ። ኃላፊው ለሰው ሀብት ክፍል ማስተላለፉን ረስቷል።

ማስጠንቀቂያው ያለዚህ ውይይት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ኃላፊ ዝንጋታ ሠራተኛዋን ይከስ ነበር። አሁን ያለ ፈቃድ የቀረችበት ቀን ዜሮ ሆኗል። ነገሩ የዲሲፕሊን ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ደብዳቤውም ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ የሚጻፍ ነገር ቀረ?

ቀርቷል። የመደብሩ ኃላፊ የተማረረው ያለ ምክንያት አይደለም። መደብሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2፡30 ነው። የካዝናው ቁልፍ ያለው በካሸሯ እጅ ብቻ ነው። ከሰባቱ ጊዜ በሦስቱ ከመከፈቱ በፊት ደውላለች፤ በአራቱ ግን መልእክቱ የደረሰው ከ2፡30 በኋላ ነው። በእነዚያ ጠዋቶች ሽያጭ ሠራተኞቹ ቆመው ጠብቀዋል፤ ደንበኛ መልስ የሚሰጠው አጥቶ ተመልሷል፤ ኃላፊው መለዋወጫ ቁልፍ ለማምጣት ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዷል።

ደብዳቤው መናገር ያለበት ስለዚህ ነው። በሥራው ላይ የታየው ነገር ሊቆጠርና ሊታረም ይችላል፤ ማንም ስለ ማንም ጤና ሳይፈርድ ሁሉም ይስማማበታል። ችግሩ ደግሞ የሠራተኛዋ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሲታመም በሩ የማይከፈት መደብር ተተኪ አላዘጋጀም ማለት ነው። ያ ሰው ነገ ሠርግ ቢኖረው ወይም የዓመት ፈቃድ ቢወጣ ያው ችግር ይመጣል።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነጥብ አለ። አዋጁ የታመመ ሠራተኛ አሠሪው የሚያውቅበት ሁኔታ ካልኖረ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር በቀረበት ማግስት እንዲያሳውቅ ነው የሚጠይቀው። ካሸሯ በሁሉም ጊዜ በዚያው ቀን አሳውቃለች። ስለዚህ ከ2፡30 በኋላ መደወሏ የሕግ ጥሰት አይደለም፤ ደብዳቤው እንደ ጥሰት ሊጽፈው አይችልም። ሊጠይቃት ግን ይችላል። ጠዋት አስቀድማ ብታሳውቅ ሥራውን ምን ያህል እንደሚረዳ ገልጾ፣ በምትችልበት ጊዜ እንድታደርገው መጠየቅ ነውር የለበትም። «ጥሰሻል» እና «ብታደርጊልን» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በደብዳቤው ውስጥ እንዳይደባለቁ መጠንቀቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

ደብዳቤው ተስተካክሎ ሲጻፍ

ቀን፦ መጋቢት 9

ለወ/ሮ …

ጉዳዩ፦ የስድስት ወር የሥራ መገኘት ግምገማ ውጤትን ስለ ማሳወቅ

ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ያለው የመደብሩ ሠራተኞች ሁሉ የሥራ መገኘት መዝገብ ተገምግሟል። በዚሁ መሠረት በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ በሰባት የተለያየ ጊዜ፣ በድምሩ 11 የሥራ ቀናት በሕመም ምክንያት በሥራ ገበታዎ ላይ አልተገኙም። የቀናቱ ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ለሁሉም ቀናት የሕክምና ማስረጃ ስለቀረበ በሕመም ፈቃድ ተይዘዋል። የታኅሣሥ 11 ማስረጃ በጊዜው ለቅርብ ኃላፊዎ ደርሶ ሳለ ወደ ማኅደርዎ ሳይተላለፍ በመቆየቱ በመዝገቡ ላይ የታየው ክፍተት ታርሟል።

የካዝናው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ በመሆኑ ከሰባቱ ጊዜ በአራቱ መደብሩ ሽያጭ የጀመረው ከመደበኛው ሰዓት ዘግይቶ ነው። ይህ እንዳይደገም ከመጋቢት 15 ጀምሮ ተተኪ ካሸር ይመደባል፤ ቁልፉም በርክክብ ቅጽ ይያዛል።

በእርስዎ በኩል፣ ሁኔታው በሚፈቅድልዎ ጊዜ ሁሉ ወደ ሥራ የማይመጡ መሆኑን ከጠዋቱ 2፡00 በፊት በራስዎ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት ለመደብሩ ኃላፊ በስልክ ወይም በአጭር መልእክት እንዲያሳውቁ፣ የሕክምና ማስረጃውንም ወደ ሥራ ሲመለሱ በቀጥታ ለሰው ሀብት ክፍል አስረክበው የመረከቢያ ፊርማ እንዲወስዱ እንጠይቃለን። የሕመሙን ዓይነት እንዲገልጹ አይጠበቅብዎትም።

በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ምድብ ወይም በሕክምና ቀጠሮ ቀናት ረገድ ሊመቻችልዎ የሚፈልጉት ነገር ካለ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ለሰው ሀብት ክፍል ማቅረብ ይችላሉ። በመዝገቡ ላይ የማይስማሙበት ነገር ካለም እስከ መጋቢት 24 ቢያሳውቁን እናጣራለን።

ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በዲሲፕሊን መዝገብም አይያዝም። የአሠራሩን ውጤት ሰኔ 9 ከእርስዎ ጋር ተገናኝተን እናያለን።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር

ለምን እንዲህ ተጻፈ?

በመጀመሪያ ግምገማው የሁሉም ሠራተኛ መሆኑ ተነግሯል። ይህ እውነት ሲሆን ብቻ ይጻፋል። ደብዳቤ የደረሰው ለታመመ ሰው ብቻ ከሆነና ሰባት ቀን በሌላ ምክንያት ለቀረው ባልደረባው ምንም ካልተባለ፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ቢለሰልሱ ሠራተኛው መለየቱን ያውቃል።

«በሕመም ምክንያት በሥራ ገበታዎ ላይ አልተገኙም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሕመሙን እንደተመዘገበ ነገር ወስዶ ያልፋል፤ አያጋንነውም፣ አይጠራጠረውም። «ከፍተኛ»፣ «አሳሳቢ»፣ «ከመጠን ያለፈ» የሚሉ ቃላት የሉም። 11 ቀን ብዙ ይሁን ጥቂት አንባቢዋ ራሷ ታየዋለች። አሳሳቢ የሚለው ቃል ከገባ ግን ጥያቄ ይነሳል፤ ያሳሰበው ምኑ ነው? ሕመሟ ነው ወይስ እሷ?

መልካም ምኞትም ቢሆን በደብዳቤ ላይ ሲሰፍር መልኩ ይቀየራል። ሰው ታሞ ሲመለስ «እግዚአብሔር ይማርሽ» መባባል ባህላችን ነው፤ በአፍ ሲባል ደስ ይላል። «ጤናዎን በሚገባ እንዲከታተሉ»፣ «የተሻለ ሕክምና ቢያገኙ» ተብሎ በማኅተም ሲወጣ ግን ሰውየው ራሱን እንዳልጠበቀ የሚናገር ምክር ይሆናል። በየወሩ መድኃኒት ለመውሰድ ወይም ለክትትል ቀጠሮ የሚሄድ፣ ሕመሙን ለቅርብ ወዳጁ እንኳ ያልነገረ ሰው ስንት አለ። ደብዳቤው ከሐኪሙ ሥራ መውጣት አለበት።

ማስረጃው ላይ የበሽታው ስም ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው አይቶታል፤ ደብዳቤው ላይ ግን አያሰፍረውም፤ ለመደብሩ ኃላፊም አይነግረውም። ኃላፊው ማወቅ ያለበት የትኛው ቀን ፈቃድ መሆኑን ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። ከዚህ የተነሳ ማስረጃዎቹን ማንም ከሚያገላብጠው ተራ ማኅደር ለይቶ በታሸገ ፖስታ ማስቀመጥ ይገባል።

ግልባጭ የሚለው መሥመር ብዙም አይታሰብበትም። በብዙ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለፋይናንስ፣ ለኦዲት፣ ለጥበቃ ክፍል ሁሉ በልማድ ይገለበጣል። የአንዲት ሴት ሰባት የሕመም ጊዜ በአምስት ቢሮ ሲዞር፣ ተላላኪው በእጁ ይዞት ሲሄድ፣ እስከ ምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያወራዋል። በእኛ ደብዳቤ ግልባጩ ለግል ማኅደር ብቻ ነው። ፋይናንስ ደመወዝ ለመሥራት የሚፈልገው የቀን ቁጥር ነው፤ እሱም በወርኃዊው የሰዓት መቆጣጠሪያ ይደርሰዋል።

የቀረላት የፈቃድ መጠን በደብዳቤው ውስጥ አልተጻፈም። ሠራተኛዋ ከመስከረም 14 ጀምሮ በሚቆጠረው 12 ወር ውስጥ ምን ያህል እንደተጠቀመችና መቼ ወደ ግማሽ ደመወዝ እንደምትገባ ማወቅ ይጠቅማታል። ነገር ግን «ከዚህ በኋላ ይህን ያህል ቀርቶዎታል» የሚለው ቃል ስለ መዘግየት በሚናገር ደብዳቤ ውስጥ ሲገባ እንደ ዛቻ ይነበባል። ከደብዳቤው ጋር በተያያዘው ዝርዝር ግርጌ ቢሰፍር፣ ወይም ደብዳቤው ሲሰጣት በቃል ቢነገራት ያው መረጃ ያለ ዛቻ ይደርሳል።

እውነተኛ ጥርጣሬ ሲኖርስ?

ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው የለም ማለት አይቻልም። ይህን የማያውቅ የሰው ሀብት ባለሙያም የለም። ጥያቄው ጥርጣሬው በየትኛው መንገድ ይጣራ የሚለው ነው።

የመገኘት ግምገማ ደብዳቤ መንገዱ አይደለም። ማስረጃው ላይ የተሠረዘ ቀን፣ የማይነበብ ማኅተም ወይም ሕጋዊነቱ የማይታወቅ ተቋም ስም ካለ፣ ባለሙያው ያን ወረቀት ብቻ ይዞ ለሰጠው የሕክምና ተቋም «ይህ ቁጥርና ቀን ያለው ማስረጃ ከእናንተ ወጥቷል?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል። ስለ በሽታው አይጠይቅም፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። ይህ አሠራር ለሁሉም ሠራተኛ እኩል የሚሠራ፣ በሥራ ደንቡም የተጻፈ መሆን አለበት። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዳዩ ከመቅረት አልፎ ሌላ ጥፋት ይሆናል፤ የራሱ ምርመራና የራሱ ደብዳቤ አለው። እስከዚያው ድረስ ግን ጥርጣሬው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሆኖ በሌላ ደብዳቤ ውስጥ አይሸሸግም።

ብዙ ጊዜ ጥርጣሬን የሚያነሳሳው ቀኑ ነው። «ሁልጊዜ ሰኞና ዓርብ ነው የምትታመመው» ይባላል። በሳምንት አምስት ቀን በሚሠራ ቢሮ ሰኞና ዓርብ ከአምስቱ ቀን ሁለቱ ናቸው። ሕመም ቀን ሳይመርጥ ቢመጣ እንኳ ከመቶ አርባው በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ከሰባት ጊዜ ሦስቱ ሰኞ ወይም ዓርብ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም ነገር የለውም። እንዲህ ያለውን ስሌት ያልሠራ ሰው በደብዳቤ ላይ «በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ» የሚል ሐረግ ሲያስገባ ያላረጋገጠውን ስድብ እየጻፈ ነው።

ከተሰጠ በኋላ

ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ፣ ከተቻለ ሠራተኛዋን ባነጋገራት ሰው እጅ ይሰጣታል። የመረከቢያ ፊርማ ሲጠየቅ መቀበሏን እንጂ መስማማቷን እንደማያሳይ ይነገራታል። ይህ ሳይነገራቸው «አልፈርምም» የሚሉ ሠራተኞች አሉ፤ ከዚያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ይባላል፤ ስለ ቁልፍ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ክርክር ያመራል።

ሰኔ 9 ሲደርስ የሚታየው የታመመችበት ቀን ቁጥር ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም የሚለው መሆን የለበትም። ደብዳቤው ያንን አልጠየቃትም። መታየት ያለበት ተተኪው ካሸር ተመድቦ ነበር ወይ፣ ቁልፉ በቅጽ ተላልፏል ወይ፣ መደብሩ በስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ማስረጃዎቹ በቀጥታ ደርሰዋል ወይ የሚለው ነው። ካሸሯ በሦስት ወሩ ውስጥ አራት ቀን ታማ ቀርታ መደብሩ ግን በየቀኑ 2፡30 ላይ ተከፍቶ ከሆነ ግምገማው ተሳክቷል። ቁልፉ አሁንም በእሷ እጅ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ለመደብሩ ኃላፊ ነው። ሕመሙ እየረዘመ ሄዶ የአዋጁን ስድስት ወር የሚያጋምስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመገኘት ግምገማ ይወጣል። ያኔ የሚያስፈልገው ስለ ሥራ ምድቧና ስለ መብቷ በግልጽ የሚደረግ ሌላ ውይይት ነው።

ፊርማ ከማረፉ በፊት ለማንኛውም እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚሠራ አንድ መፈተኛ አለ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። መጀመሪያ ሠራተኛዋ ማንም በማያውቀው ከባድ ሕመም ላይ እንዳለች አድርገው፤ ቀጥሎ ምንም እንዳልሆነች አድርገው። በሁለቱም ንባብ እውነት ሆኖ የሚቆም ዓረፍተ ነገር ይቆይ። «ሰባት ጊዜ አልተገኙም» በሁለቱም ይቆማል፤ «ከ2፡00 በፊት ቢያሳውቁን» በሁለቱም ይሠራል። «ታምሜያለሁ በማለት» በመጀመሪያው ንባብ ግፍ ነው፤ «ለጤናዎ እናስባለን» በሁለተኛው ንባብ ሐሰት ነው። ከሁለቱ በአንዱ የወደቀውን ዓረፍተ ነገር ያውጡት። የትኛው ንባብ እውነት እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ አያውቅም፤ ደብዳቤውን በትክክል ለመጻፍም ማወቅ አያስፈልገውም።